ለእኔ የማይሸት፣ ለባሌ ቤት የሚሞላ ሽቶ

ብሌን፦ ነጭ ሙስክ የሚባል የዘይት ሽቶ ገዛሁ። አፍንጫዬን ጠርሙሱ ላይ ብደቅንም ምንም አይሸተኝም። ባሌ ግን ገና ከበሩ «በዛ፣ ቀንሺው» ይላል። ቡናውም ሽንኩርቱም በደንብ ይሸተኛል። ሻጩ አታለለኝ ወይስ ችግሩ እኔ ጋ ነው?

ዳዊት፦ እህቴ፣ ኮሮና ይዞሽ ነበር? እኔ ከታመምኩ በኋላ ለወራት ምንም አልሸተተኝም። ሐኪም ጋ ሂጂ።

ሰላም፦ አፍንጫሽ ለምዶት ነው። የራስ ሽቶ ሁሌም ቶሎ ይጠፋል፤ ባልሽ ግን ከውጭ ስለሚመጣ ይሸተዋል።

ናሆም (ሽቶ ቀማሚ)፦ ሰላም ያልሽው መልመድ እውነት ነው፤ ግን የለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ያሸታል። ብሌን ከመነሻውም አልሸተታትም። ሌላው ሁሉ እየሸተታት ስለሆነም የዳዊት ዓይነት ሕመም አይመስልም። በነጭ ሙስክ ውስጥ በብዛት የሚገባው ጋላክሶላይድ ነው፤ የልብስ ሳሙናም ውስጥ አለ። ይህን አንድ ነገር ብቻ የማያሸቱ ጤነኛ ሰዎች አሉ። የአፍንጫ ሽታ ተቀባዮች በዘር ከሰው ሰው ይለያያሉ፤ በ2022 የወጣ ጥናት የጋላክሶላይድን ልዩነት ከአንድ ተቀባይ ጋር አያይዞታል።

ለዚህ ነው ስለ አንድ ሽቶ የማንስማማው። ሎሚውና አበባው ቶሎ ይተናሉ፤ ሙስኩ ይቆያል። እሱን የማያሸት ሰው «ወዲያው ጠፋ» ሲል፣ የሚያሸተው «ማታም አለ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

እንዲህ ሞክሩት። ሦስት ወረቀት ውሰዱና አንዱ ላይ ሽቶውን፣ ሁለቱ ላይ ሽታ የሌለው ዘይት ጠብ አድርጉ። ባልሽ ያቀያይራቸው፤ አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ ለይ። በግምት ብቻ ከሦስት አንዴ ይገኛል፤ ስለዚህ እያረፋችሁ ደጋግሙት። እጃችሁን ሽቶ እንዳይነካው፤ ሌላውን ወረቀት ይበክላል።

ጋሽ ተካ፦ አባቴ ለዝባዱ ብሎ ጥርኝ ያረባ ነበር፤ የዝባዱ ሽታ ዛሬም ይታወቀኛል። ልጄ የሰጠችኝ ነጭ ሙስክ ግን ውሃ ነው። ሁለቱም ሙስክ አይደሉም እንዴ?

ናሆም፦ ጋሼ፣ ሽታቸው ቢቀራረብም ቅመሙ ሌላ ነው። የዝባዱ ሲቬቶን ይባላል፤ አንዱ ያመለጠው ሰው ሌላውን ሊያሸት ይችላል። እኛም ቀማሚዎች ሁለት ሦስት ዓይነት ሙስክ የምንቀላቅለው ለዚሁ ነው።

ብሌን፦ ሞከርነው። እሱ ሁሌም ለየው፤ እኔ ዝም ብዬ ስገምት ነበር። ሻጩን በከንቱ ጠርጥሬዋለሁ ማለት ነው። ደጋግሜ ባሸተው ይመጣልኛል?

ሰላም፦ ይመጣል! አፍንጫ ይሠለጥናል።

ናሆም፦ አንድሮስቴኖን በሚባል ሌላ ሽታ አንዳንዶች ላይ ታይቷል። ለጋላክሶላይድ ግን ቃል አልገባልሽም። እስከዚያው በአፍንጫሽ አትለኪ። አንድ ጠብታ ይበቃል፤ አልሸተተኝም ብለሽ አትጨምሪ። ቀጣዩን ስትገዢ ባልሽን ይዘሽው ሂጂ።