ለጨቅላው ቅቤ የሚያውጡት አማቴ ይሂዱ ወይስ ይቆዩ?

ጠያቂዋ፦ የ20 ቀን አራስ ነኝ፤ ልጁ የመጀመሪያዬ ነው። የባለቤቴ እናት ሊያርሱኝ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ መጥተዋል። ጠዋት ጠዋት ለጋ ቅቤ በጣታቸው ያውጡታል፤ ማታ ሲያለቅስ ደግሞ «ጡቷ አይበቃውም» ብለው የስኳር ውሃ በማንኪያ ይሰጡታል። እኔ ስናገር ያኮርፋሉ፤ ባለቤቴም «እስከ ክርስትናው 20 ቀን ነው የቀረው፣ ቻይው» ይለኛል። ይሂዱ ልበል ወይስ ልቻል?

የሦስት ልጆች አባት፦ እዚህ የምንጽፈው ሁላችን ቅቤ ውጠን ያደግን ነን፤ ስለዚህ ነገሩን ባታካብጂው እመርጣለሁ። ከዚያ ይልቅ እርሳቸው ቢሄዱ ማን ይተካቸዋል የሚለውን አስቢበት። ባለቤትሽ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው ሦስት ተከታታይ ቀን ብቻ ነው፤ ያ ፈቃድ ደግሞ ካለቀ ሰንብቷል። አጥሚቱን የሚያፈላልሽ፣ ጠያቂውን የሚቀበልልሽ፣ ሌሊት ልጁን የሚይዝልሽ ሌላ ሰው ሳይኖር አራሽሽን ከቤት ማስወጣት ራስን መጉዳት ነው።

አዋላጅ ነርስ፦ ስለ እርዳታው የተባለው ትክክል ነው፤ «ሁላችንም አድገናል» የሚለውን ግን ያላደጉት ሕፃናት ተነሥተው ሊከራከሩት አይችሉም። የቅቤው አደጋ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሆድ ላይ ብቻ አይደለም። ጨቅላ በጀርባው ተኝቶ እያለቀሰ ቅቤ ሲገባበት ከፊሉ ወደ አየር ቧንቧው ሊወርድ ይችላል፤ ቅባት ደግሞ እንደ ውሃ ኃይለኛ ሳል ስለማያስነሣ ትን ማለቱ ሳይታወቅ ሳንባው ውስጥ ይቀራል። ከቀናት በኋላ ልጁ ሲታመም «ብርድ መታው» ይባላል እንጂ ቅቤውን የሚያስታውሰው ሰው የለም። ልጁ ሳያለቅስ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሪ፤ 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ያለው ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ወይም ጡት እምቢ ካለ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

የስኳር ውሃው የሚያመጣው ጉዳት ሌላ ነው። ልጁ ከጠጣ በኋላ ዝም ስለሚል የጠገበ ይመስላል፤ ነገር ግን ትንሿ ሆዱ በውሃ ስለሞላች ቀጣዩን ጡት በደንብ አይስብም። ያልተሳበ ጡት ደግሞ ወተቱን ይቀንሳል። እንዲህ ሲቀጥል «ጡቷ አይበቃውም» የሚለው ንግግር በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱን እውነት ያደርጋል። ማታ ማታ ማልቀስና ጡት ደጋግሞ መፈለግ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፤ እስከ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ እየጨመረ ሄዶ ከዚያ በኋላ ይበርዳል።

ወተት መብቃቱን ለማወቅ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ የሽንት ጨርቅ ያረጥባል ወይ ብላችሁ ቁጠሩ እንላለን። አንቺ ቤት ግን ውሃ እየተሰጠው ስለሆነ ቆጠራው ያታልልሻል፤ ስለዚህ በሚዛን መታየት አለበት። ጨቅላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት ይቀንሳል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ተወለደበት ክብደት ከተመለሰና ከዚያ በኋላ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ከጨመረ ወተትሽ በቂ ነው። የ45 ቀኑን ክትባት አትጠብቂ፤ በዚህ ሳምንት አስመዝኚው፤ ስትሄጂም አማትሽን ይዘሻቸው ሂጂ።

አንድ ባል፦ እኔንም አማቴ አቃጥለውኛል። የልጄን እንጥል ካላስቆረጥን ብለው አንድ ወር ሙሉ ጨቀጨቁን፤ በመጨረሻ እኔ ሥራ በዋልኩበት ቀን ቆራጭ ቤት ድረስ አስመጡ። ባለቤቴ በር ላይ ባትቆም ኖሮ አልቆ ነበር። ስለዚህ በሩን ዝጊ፣ ቁልፉንም ተቀበያቸው።

አዋላጅ ነርስ፦ ያንተ ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት፤ በምላጭ ለሚመጣ ሰው በር መዝጋት ተገቢ ነው። እርሷ ያለችበት ሁኔታ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ቅቤው እርግብግቢቱ ላይ በስሱ ቢቀባ፣ ወይም በንጹሕ እጅ ገላው ቢታሽበት እኔ አልጣላም፤ የምጣላው በአፍ፣ በአፍንጫና በእትብቱ ላይ ሲደረግ ነው። ሁሉንም በአንድነት ከከለከለቻቸው የሚሰሟት አይመስለኝም።

ከሜሪላንድ፦ የእኔ አማት የመጡት ለስድስት ወር ስለነበር «ይሂዱ» ማለት ቲኬት ማስቀየር ነበር። የሕፃናት ሐኪሙ ጡት ብቻ ለሚጠባው ልጄ በየቀኑ 400 ዩኒት የቫይታሚን ዲ ጠብታ አዝዞ ነበር። እርሳቸው ይህንን ሲያዩ «የእኔን ቅቤ ከልክላ የፈረንጅ ዘይት ታንጠባጥባለች» ብለው ሦስት ቀን አኮረፉኝ። እውነቱን ለመናገር መልስ አጣሁ። ክረምቱ ፀሐይ የሌለው መሆኑን፣ አገር ቤት ግን እርሳቸው ራሳቸው ልጆቻቸውን ጠዋት ፀሐይ ያሞቁ እንደነበር፣ ጠብታውም የዚያች ፀሐይ ምትክ እንደሆነ ባለቤቴ ካስረዳቸው በኋላ ግን ጠብታውን በየጠዋቱ የሚሰጡት እርሳቸው ሆኑ። እኔ ያንኑ ብናገር እንደ ድፍረት ይቆጠርብኝ ነበር፤ ስለዚህ መናገር ያለበት ባልሽ ነው።

አያት ነኝ፦ ልጄ፣ እኔም በምራቴ ቤት ቅቤ ይዤ የቆምኩ ነኝ። ምራቴ ስልኳን ከፍታ «እዩት፣ አይሰጥም ይላል» አለችኝ። አራት ልጅ ያሳደገችን ሴት በስልክ ማሳፈር ይከብዳል። ከዚያ ወዲያ ልጁን ሳታየኝ አውጠው ነበር፤ ይኼንን ስናገር አሁንም አፍራለሁ። ገላውን ማጠቡን ለእኔ ብቻ ብትተወው ኖሮ አላደርገውም ነበር። ሥራ የሌላት አማት ነገር ትፈልጋለች።

የሦስት ልጆች አባት፦ ስለ ሳንባው የተባለውን አላውቅም ነበር፤ እቀበላለሁ። ነገር ግን «ሐኪም ከልክሏል» ብሎ በሐኪም ስም መደበቅ አይስማማኝም። እናት የልጇን ሽንገላ ታውቃለች፤ ባልየው «እኔ አልፈልግም፣ ልጄ ነው» ይበላቸው።

ከሜሪላንድ፦ እንዲያ ቢላቸው «ምራቴ አስተማረችው» ይላሉ። ሐኪምን መጥቀስ ለእርሳቸውም ከልጅ ከመሸነፍ የተሻለ ክብር ነው።

የሦስት ልጆች አባት፦ በዚህ አንግባባም።

ጠያቂዋ፦ ትላንት ሦስታችንም ጤና ጣቢያ ሄደን ነበር። ልጁ ሲወለድ 3.1 ኪሎ ነበር፤ በ22ኛ ቀኑ 3.4 ሆኗል። ትንፋሹንም ቆጠሩለት፤ ደህና ነው ተብለናል። መዛኟ ነርስ ቁጥሩን ለእኔ ሳይሆን ለአማቴ ነግራ «ጡቱ በቅቶታል፣ እማማ፤ በአፉ ሌላ ነገር እንዳይገባ እርስዎ ይጠብቁልን» አለቻቸው። በመንገድ ላይ ምንም አልተናገሩም። ባለቤቴም ማታ ብቻቸውን አነጋግሯቸዋል፤ ምን እንዳላቸው አልነገረኝም። ዛሬ ጠዋት የቅቤው ዕቃ ከራስጌዬ ተነሥቶ ወጥ ቤት ተቀምጧል፤ ገንፎዬ ላይ ሁለት ማንኪያ አድርገው አመጡልኝ። ገላውንም እርሳቸው አጥበውታል። የስኳሩን ጉዳይ ግን ገና አላመኑበትም፤ ልጁ ማታ ሲያለቅስ ዓይናቸው አሁንም ማንኪያው ላይ ነው።