ሦስት ማዕዘን ላይ ያለ ዴንሲቲ፦ አማካዩ ከ1 በላይ ወጣብኝ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አራት ኪሎ ከጓደኞቼ ጋር ለፈተና እያጠናን ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ አንድ የፕሮባብሊቲ ጥያቄ ይዞናል።

የጋራ ዴንሲቲው f(x,y) = 8xy ነው። ክልሉ 0 < y < x < 1፣ ማለትም ሦስት ማዕዘን ነው።

X ሲታወቅ ችግር የለም። የX ማርጂናል 4x³ ነው፤ ኮንዲሽናሉ 2y/x² ይሆናል፤ E[Y|X=x] = 2x/3። የዚህን አማካይ ስወስድ 8/15 መጣ። የYን አማካይ በቀጥታ ሳሰላም ያው 8/15 ነው።

የከበደኝ ተቃራኒው ነው። xን ከy እስከ 1 ኢንተግሬት አድርጌ የYን ማርጂናል 4y(1−y²) አገኘሁ። ሳካፍል ኮንዲሽናሉ 2x/(1−y²) ሆነ። ከዚያ በx አባዝቼ፣ አሁን y ቋሚ ቁጥር ነው ብዬ፣ ከ0 እስከ 1 ኢንተግሬት አደረግኩ። መልሱ 2/(3(1−y²)) ወጣ።

y = 0.5 ሳስገባ 8/9 ስለሰጠኝ አምኜው ነበር። y = 0.9 ላይ ግን 3.5 ገደማ ሆነ! X ደግሞ ከ1 አይበልጥም። ኮንዲሽናሉን ራሱን ከ0 እስከ 1 ስደምረውም 1 አይሞላም፣ 1/(1−y²) ነው የሚሰጠኝ።

ስህተቱ ድንበሩ ላይ ይመስለኛል። ካካፈልኩ በኋላ፣ Y = y መሆኑ ሲታወቅ፣ በመጨረሻው ኢንተግራል x የሚሄደው ከየት እስከ የት ነው?