በጀበና ላይ የተጋገረ ጥቁር ቅባት እንዴት ይለቃል?

የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ከእናቴ የተረከብኩት የሸክላ ጀበና ለዓመታት በከሰል ምድጃ ላይ ሲፈላበት ስለኖረ በሁለት ዓይነት ጥቁር ተሸፍኗል፤ አንደኛው ከሥሩ እስከ ሆዱ አጋማሽ የያዘውና ሲነኩት እጅ የሚያጠቁር ደረቅ ጥቀርሻ ሲሆን፣ ሁለተኛው ቡናው እየገነፈለ በወረደበት መስመር ከአንገቱ በታች የተጋገረ፣ ሲሞቅ የሚያጣብቅና የከረመ ቅባት የሚሸት ንጣፍ ነው።

ጥቀርሻው ብዙም አላስቸገረኝም፤ የተነፋ አመድ በትንሽ ውሃ ለውሼ በቃጫ ሳሸው አብዛኛው ለቀቀ። በቅባቱ ላይ ግን ቤኪንግ ሶዳ በለብ ያለ ውሃ አቡክቼ ለጥፌ ባሳድርበትም፣ ላዩ ለስልሶ ሲነሣ ሥሩ ሸክላው ውስጥ ሰርጎ ቀርቷል። ሸክላ የጠጣውን መልሶ ለቡናው ስለሚሰጥ ሳሙናና በረኪና አላስጠጋሁም፤ የብረት ሽቦም የተወለወለውን ገጽ ይልጠዋል።

አንዲት ጎረቤታችን ባዶውን ጀበና ፍም ላይ አስቀምጦ ቅባቱን ማቃጠል ነው የሚያዋጣው ይላሉ። ሐሳቡ ያስኬዳል፤ ሆኖም እጀታው ከሆዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ፤ እስካሁን ባያፈስም፣ እርጥበት የያዘ ሸክላ በድንገት ሲግል እንደሚፈነዳ የታወቀ ነው።

እንዲህ ያለ ስንጥቅ ያለበት ጀበና ሳይሰበር ቅባቱን በእሳት ለማቃጠል፣ አስቀድሞ ምን ያህል ጊዜ ማድረቅና ሙቀቱንስ በምን አኳኋን ቀስ በቀስ መጨመር ያስፈልጋል?