የወለድ ውሳኔ በሚታወጅበት ደቂቃ ቻርቱ ያላሳየው ዋጋ

ከፍራንክፈርት፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ከባለቤቴ ጋር ወደ ዋሽንግተን ለመዛወር ስንዘጋጅ፣ በዩሮ ያጠራቀምነው ገንዘብ ዋጋ እንዳያጣብን በማሰብ በአንድ ብሮከር በኩል ዩሮ ሸጬ ዶላር ይዤ ነበር። የአንድ ዩሮ ዋጋ 1.1190 ዶላር ከደረሰ ግብይቱ እንዲዘጋ ስቶፕ ሎስ አስቀምጬ ነበር። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 18 ቀን 2024 የአሜሪካ ፌዴራል ሪዘርቭ ወለዱን በግማሽ ፐርሰንት ሲቀንስ ግብይቴ በዚያው ደቂቃ በኪሳራ ተዘጋ። ይሁን እንጂ በቻርቴ ላይ የዚያ ምሽት ከፍተኛው ዋጋ 1.1186 ነው። ቻርቱ ያልደረሰበት ዋጋ እንዴት ሊዘጋኝ ቻለ?

ከለንደን፦ ወንድሜ፣ ይህ ማጭበርበር ነው። ብሮከሩ ትእዛዝህ የት እንዳለ ያያል፤ ዋጋውን ለቅጽበት ገፍቶ ይዘጋሃል። የእኔ ቻርት የዚያን ምሽት ከፍታ ከአንተ በሁለት ፒፕ፣ ማለትም በ0.0002፣ ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ከዋሽንግተን፦ ለዓመታት በባንክ የውጭ ምንዛሪ ክፍል ስለሠራሁ የማውቀውን ልጻፍ። የለንደኑ ወንድማችን የቻርቶቹን ልዩነት በትክክል አይቷል፤ ምክንያቱ ግን የግድ ማጭበርበር አይደለም። የምንዛሪ ገበያ እንደ አክሲዮን አንድ ማእከላዊ መዝገብ ስለሌለው፣ እያንዳንዱ ብሮከር ቻርቱን የሚስለው ከሚያገለግሉት ባንኮች በሚደርሰው ዋጋ ብቻ ነው። በአዘቦት ሰዓት ልዩነቱ አይታይም። ውሳኔው በዋሽንግተን 14:00፣ በፍራንክፈርት 20:00 ሊወጣ ሲል ግን፣ ዜናውን ሳያውቁ በተሳሳተ ዋጋ ላለመያዝ ባንኮቹ ትእዛዞቻቸውን ያነሳሉ ወይም ያሳንሳሉ፤ በቀረው ስስ ገበያ ውስጥ ትንሽ ግዢ እንኳ ዋጋውን ሩቅ ይወስደዋል።

ዋናው መልስ ግን ይህ ነው። አብዛኞቹ ቻርቶች የሚስሉት ገበያው ከእኛ የሚገዛበትን ዋጋ፣ ማለትም ቢዱን ብቻ ነው። የሸጠ ሰው ለመዝጋት መልሶ መግዛት ስላለበት፣ ስቶፑን የሚነካው እኛ የምንገዛበት ዋጋ፣ ማለትም አስኩ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት፣ ማለትም ስፕሬዱ፣ እንደወትሮው አንድ ፒፕ ቢሆን ኖሮ፣ ቢዱ 1.1186 ሲደርስ አስኩ 1.1187 ስለሚሆን ትእዛዝዎ በተረፈ ነበር። ስፕሬዱ ወደ 7 ፒፕ ከሰፋ ግን አስኩ 1.1193 ነው፤ ስቶፑም በቻርቱ ላይ ምንም ምልክት ሳይተው ይነካል። የሚጠቀሙበት MetaTrader 5 ከሆነ `Symbols` የሚለውን መስኮት ከፍተው በ`Ticks` ሥር የዚያን ደቂቃ ሁለቱንም ዋጋዎች ጎን ለጎን ማየት ይችላሉ።

ከዱባይ፦ እኔ በየወሩ ለእናቴ ገንዘብ እልካለሁ። እንዲህ ያለ ውሳኔ ባለበት ቀን ባልክ ብሩ ይቀንስብኛል ማለት ነው?

ከዋሽንግተን፦ እህቴ፣ ድርሃም በዶላር 3.6725 ላይ ታስሮ ስለሚኖር፣ በዚያ ምሽት በድርሃምና በዶላር መካከል የሚታይ ዝላይ የለም፤ የብሩ ዋጋም የሚወሰነው በአዲስ አበባ ባንኮች እንጂ በዚያች ደቂቃ አይደለም። የእኛ ጉዳይ የሚመለከተው ዩሮን ከመሰለ ተንሳፋፊ ገንዘብ ጋር የሚገበያየውን ነው።

ከፍራንክፈርት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ። መዝገቡን ከፍቼ አየሁት፤ አስኩ በርግጥ 1.1190ን አልፏል። አሁን የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው። የዕለቱን የዋጋ እንቅስቃሴ በሚያሳየው ካንድል ላይ ከላይ ረጅም ጭራ አለ፤ ይህን ሻጮች በ1.119 አቅራቢያ እንደቆሙ ምልክት አድርጌ ልውሰደው?

ከዋሽንግተን፦ እኔ አልወስደውም። በዚያ ካንድል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ክስተቶች ተደባልቀዋል፦ በ14:00 የወጣው ውሳኔና በ14:30 የጀመረው የሊቀመንበሩ ፓወል ጋዜጣዊ መግለጫ። ዩሮ በመጀመሪያው ዘለለ፤ ከዚያ ዝላዩን አጥቶ ወረደ። በአምስት ደቂቃ ቻርት ሁለቱን ለይተው ያዩዋቸዋል፤ በዕለታዊው ግን አንድ ጭራ ይሆናሉ። በአማካይ የሚሠሩ መለኪያዎችም ይታለላሉ። እንደ ምሳሌ 13 የአምስት ደቂቃ ካንድሎች እያንዳንዳቸው 6 ፒፕ፣ የዜናው ካንድል ደግሞ 70 ፒፕ ቢሆኑ፣ የ14ቱ ቀላል አማካይ ወደ 10.6 ይወጣል። ከሰባ ደቂቃ በኋላ ያ ካንድል ከስሌቱ ሲወጣ፣ በገበያው ላይ ምንም ሳይለወጥ መለኪያው በድንገት ይወድቃል። በዚህ መለኪያ ስቶፑን የሚያርቅ ሰው ለአንድ ሰዓት ያህል የሚመራው ባለፈ ዜና ነው።

ከለንደን፦ ስለ ስፕሬዱ ተቀብያለሁ። ጭራውን ግን ከቻርት ላይ እንደሌለ መቁጠር አይዋጥልኝም፤ በዚያ ዋጋ በእውነተኛ ገንዘብ የሸጡ ሰዎች ነበሩ፤ ዋጋው ሲመለስም ያንኑ ያስታውሳሉ።

ከዋሽንግተን፦ ይህ ክርክር በእኛም ክፍል አልተቋጨም ነበር። እኔ የማደርገው፣ መስመሩን በጭራው ጫፍ ሳይሆን ከመግለጫው በኋላ ዋጋው በረጋበት አካባቢ መሳል ነው፤ ጫፉንም የዜና ጫፍ መሆኑን ጽፌ እተወዋለሁ።

ከፍራንክፈርት፦ የቀረውን ዩሮ የምንመነዝረው የአውሮፓ ማእከላዊ ባንክ በሚሰበሰብበት ሳምንት ነው። በፍራንክፈርት ሰዓት ውሳኔው 14:15፣ መግለጫው 14:45 ስለሆነ፣ በመካከሉም በ14:30 የአሜሪካ የሥራ አጥ አመልካቾች ቁጥር ብዙ ጊዜ ስለሚወጣ፣ ምንዛሪውን በማግስቱ ጠዋት ለማድረግ ወስነናል።