የምስጋና ደብዳቤዬ የስንብት መሰለብኝ፤ እርዱኝ

ውጭ አገር ነው የምማረው። የተቀበለኝ ቤተሰብ ጋ መኖር ከጀመርኩ አንድ ወር ሞላኝ። በእጄ ጽፌ ላመሰግናቸው ብዬ መዝጊያው ላይ ግራ ገባኝ።

እስካሁን የጻፍኩት ይኸው፦ «ቋንቋው ሲያስቸግረኝ ቀስ ብላችሁ ስላወራችሁኝ አመሰግናለሁ። እስከ ትምህርት ቤት አብራችሁኝ ሄዳችሁ መንገዱን ስላሳያችሁኝም እንዲሁ። ውለታችሁን መቼም አልረሳውም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ነገ የምሄድ ታስመስላለች። እኔ ግን ገና ዓመቱን ሙሉ አብሬያቸው ነኝ! «ከእራት በኋላ ዕቃ ማጠቡን ለእኔ ተዉልኝ» ብዬ ብዘጋውስ? ወይስ ውለታ ለመክፈል የቸኮልኩ ይመስላል?

ደግሞ ትንሿ ልጃቸው ስሳሳት ታርመኛለች (ያለ ምንም ምሕረት)። እሷን እዚያው ላንሳት ወይስ ለብቻዋ ካርድ ልጻፍላት? የልብስ ማጠቢያውን ሰዓት ጉዳይ በቃል አነሳዋለሁ፤ ከምስጋና ጋር አይሄድም።