ደንበኛዬ «ቆንጆ ድረ ገጽ» ብቻ ብለውኛል፤ ነገ ጠዋት የሥራ ዝርዝር በጽሑፍ ማቅረብ አለብኝ

ጀማሪው
እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ነገ ጠዋት በ4 ሰዓት ቀጠሮ አለኝ። ደንበኛዬ ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ቀሚስ ሱቅ አላቸው። «ውጭ አገር ያሉት አይተው እንዲያዙኝ፣ ቆንጆ ሆኖ፣ እንደ ትልልቆቹ ሱቆች» ነው ያሉኝ፤ ሌላ ቃል የለም። ምን ምን ገጽ እንደሚኖረው፣ ምን እንደሚሠራና የቱ እንደሚቀድም ጽፌ እንድመጣ አዘውኛል። ባዶ ገጽ ላይ አፍጥጬ ሁለት ሰዓት አለፈኝ። ከየት ልጀምር?

ሰነድ ወዳድ
ወንድሜ፣ ሥራ የሚበላሸው ከጅምሩ በደንብ ስላልተጻፈ ነው። መግቢያ፣ ዓላማ፣ የገጾች ዝርዝር፣ የደኅንነት ክፍል፣ የጊዜ ሰሌዳ፣ የክፍያ ሁኔታ፣ የማይካተቱ ሥራዎች፣ ፊርማ፤ እነዚህ ሁሉ መኖር አለባቸው። የእኔ ሰነድ ከ25 ገጽ አያንስም። ያልተፈረመ ወረቀት ይዤ አንድም መስመር ኮድ አልጽፍም።

የመርካቶው
ከሁሉ በፊት የድረ ገጹን ስም አስመዝግብ። በ.com.et የሚያልቅ ከፈለጉ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል ነው። ስም ሳይያዝ ሥራ መጀመር ትርፉ ኋላ መጸጸት ነው።

ቀጥታ ተናጋሪ
የተጠየቀው ሌላ ነው። እኔ ግን ጥያቄው ራሱ አልተዋጠልኝም። ሴትዮዋ ድረ ገጽ እንደሚያስፈልጋቸው በምን አወቅህ? አሁን በምን ይሸጣሉ? በቴሌግራም ከሆነና እየተሸጠ ከሆነ አስተካክለው እዚያው ይቀጥሉ። ያልጎደለን ነገር ለመሙላት ገንዘባቸውን አታስወጣቸው።

ጀማሪው
አዎ፣ በቴሌግራም ነው የሚሸጡት፤ ሁሉም እንደዚያ ስለሆነ አልጻፍኩትም። የተቸገሩት ሌሊቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ሲመልሱ ስለሚያድሩ ነው። አሜሪካ ቀን ሲሆን እዚህ ሌሊት ነው።

አሥር ዓመት በድረ ገጽ
በል፣ አሁን ችግሩ ታወቀ። እርሳቸው ድረ ገጽ ቢሉም የፈለጉት እንቅልፍ ነው። ዝርዝሩም ከዚያ ይነሣ።

ዛሬውኑ ደውልላቸውና ከውጭ የመጡ የመጨረሻዎቹን 5 ትእዛዞች መልእክት እንዲልኩልህ ጠይቅ። የደንበኞቹን ስምና ስልክ አጥፍተው ይላኩ። ከመጀመሪያው «ዋጋው ስንት ነው?» ጀምረህ እስከ «ደርሶኛል» ድረስ አንብብና ደንበኛው ምን እንደጠየቀ፣ እርሳቸው ምን እንደመለሱ፣ ነገሩ የት ላይ እንደተጓተተ ጻፍ። በአብዛኞቹ የተደጋገመ ጥያቄ ወይ ራሱን የቻለ ገጽ ይሆናል፣ ወይ በቅጽ ላይ የሚሞላ ቦታ ይሆናል። አንድ ጊዜ ብቻ የመጣው ለጊዜው ይቆይ።

እኔ ለአንዲት ልብስ ሰፊ እንዲሁ አድርጌ ነበር። «እንደ ትልልቆቹ» የተባለው ሥራ አምስት ገጽ ሆነ፤ መነሻ፣ የልብሶች ዝርዝር፣ የአንድ ልብስ ገጽ፣ የትእዛዝና የልክ ቅጽ፣ ስለ መላኪያና ክፍያ የሚያስረዳ ገጽ። በአንድ ልብስ ገጽ ላይ ፎቶው፣ ጨርቁ ፈትል ይሁን መነን፣ የጥለቱ ቀለም፣ ዋጋውና ሽመናው የሚፈጀው ጊዜ ይቀመጣል። ብዙዎች የሚሽቀዳደሙለትን የዕቃ ቅርጫት አልሠራሁም። ካነበብኳቸው ደንበኞች አንዳቸውም በአንድ ጊዜ ሁለት ልብስ አላዘዙም፤ ሁሉም በልክ የሚሰፋ ነበር። ያን መልእክት ባላነብ ኖሮ ማንም የማይነካው ነገር ላይ ሳምንት አጠፋ ነበር።

ቅድሚያ ስታስይዝ «የትኛው ያስፈልጋል?» ብለህ አትጠይቅ፤ ሁሉም ያስፈልጋል ይሉሃል። «የገና ትእዛዝ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገር ብቻ ቢደርስ የትኞቹ ይሁኑ?» በላቸው። የመረጧቸው ሦስቱ መጀመሪያው ዙር ናቸው፤ የቀረው ሁለተኛ ዙር በሚል ርእስ ሥር ይጻፍ እንጂ አይሰረዝ። ሰው የተናገረው ነገር ተጽፎ ሲያየው ልቡ ያርፋል፤ ሲጠፋበት ግን በየስብሰባው እንደገና ያነሣዋል።

እያንዳንዱ ነገር አለቀ የሚባለው መቼ እንደሆነም በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ። «የትእዛዝ ቅጽ» ብቻ ብትል ያጣላል። «ደንበኛ በስልኳ ቅጹን ሞልታ ስትልክ ባለሱቋ በቴሌግራም የትእዛዝ ቁጥርና ልኩን ያገኛሉ» ብትል ግን ሁለታችሁም ሞክራችሁ ታያላችሁ።

ሰነድ ወዳድ
ጥሩ ነው፤ ግን ከማይካተቱት ሥራዎች አትሸሹ። ፎቶ ማን ያነሣል? ጽሑፉን ወደ እንግሊዝኛ ማን ይመልሳል? ማስተካከያ ስንት ጊዜ ነው? እነዚህ ካልተጻፉ ሁሉም ባንተ ላይ ይወድቃል።

አሥር ዓመት በድረ ገጽ
በዚህ ትክክል ነህ፤ ከ25 ገጹ ግን እነዚያን ጥቂት መስመሮች ብቻ እወስዳለሁ። ባለሱቅ የሚያነበው ሁለት ገጽ ነው። ያላነበቡትን ቢፈርሙም በኋላ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ማለታቸው አይቀርም። ፎቶውን በተመለከተ «40 ልብሶች፣ ለእያንዳንዱ 3 ፎቶ፣ አቅራቢ ባለሱቋ፣ እስከዚህ ቀን» ብለህ በቁጥር አስቀምጥ። የእኔ ሥራ የዘገየው በኮዱ ሳይሆን ፎቶ በመጠበቅ ነው።

ከሜሪላንድ
እኔ ድረ ገጽ አልሠራም፤ ቀሚስ የማዝ ሰው ነኝ። ለእህቴ ሠርግ ያዘዝኩት ቀሚስ ደረቱ አልዘጋ ብሎ አልቅሻለሁ። እዚህ የምንለካው በኢንች ነው፤ ሰፊዋ ቁጥሩን ወደ ሴንቲሜትር በግምት ቀይራ ሰፍታው ነበር። ቅጹ ላይ መለኪያው በግልጽ ይመረጥ።

ሌላው ቀኑ ነው። «ለ10/5 እፈልጋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። እኔ ኦክቶበር 5 ማለቴ ነበር፤ እርሷ ጥር 10 መስሏት ተረጋግታ ተቀመጠች። የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ፤ የኢትዮጵያና የፈረንጅ ቀን ጎን ለጎን ይታይ። ከውብ መነሻ ገጽ ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል።

የመርካቶው
ስሙ ተመዘገበ ወይ? አሁንም ከዚያ ጀምሩ እላለሁ።

ጀማሪው
አምስቱን አነበብኩ፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። በአራቱ ልክ ሁለት ሦስት ጊዜ ተጠይቋል፤ በሦስቱ «የት ደረሰ?» የሚል አለ። የልክ ቅጹንና የትእዛዝ ሁኔታ ማሳያን መጀመሪያ ዙር አደረግኋቸው። አንድ ነገር ቀረኝ፤ በካርድ ይክፈሉ ብለውኛል። በStripe ብዬ ልጻፍ?

አሥር ዓመት በድረ ገጽ
አትጻፍ። Stripe ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ንግድ ሂሳብ አይከፍትም። የአገር ውስጥ የክፍያ አገናኞች አሉ፤ ግን የውጭ ካርድ ለእርሳቸው ሱቅ መቀበላቸውን፣ ገንዘቡ በምን ምንዛሪ እንደሚገባና የሚጠየቀውን ሰነድ ከድርጅቱና ከባንካቸው በጽሑፍ ሳታገኝ ቃል አትግባ። ነገ ወረቀቱ ላይ «ያልተወሰነ» የሚል ክፍል ክፈትና ካርድን እዚያ አስገባ፤ ማን እንደሚያጣራና እስከ መቼ እንደሆነም ጻፍ። እስከዚያው ድረ ገጹ ትእዛዝ ይቀበል፤ ክፍያው አሁን በሚከፈልበት መንገድ ይቀጥል።

ቀጥታ ተናጋሪ
በዚህ አልስማማም። ከውጭ የሚያዝ ሰው ካርድ ካላስገባ ትእዛዙ ግማሽ ነው። ክፍያው እስኪጣራ ቴሌግራሙ ላይ የተዘጋጀ የልክ መጠይቅ ማስቀመጥ ይበቃቸዋል፤ እንቅልፋቸውን የሚመልሰው እርሱ ነው። ይህን ምርጫ ነገ ንገራቸው፤ ሥራው ቢያንስብህም።

ከሜሪላንድ
ካርዱ ኖረም አልኖረ፣ ቀሚሱ ሳይሆነኝ ሲቀር ማን ይከፍላል? መመለሻውንስ? «ስለ ክፍያ» በሚለው ገጽ ላይ ይህን የጠየቀ የለም።