ጥቆማ፦ ሐዋሳ ውስጥ ተያያዥ ፎቶ ካሩሴል ከነጽሑፉ አስቦ የሚሠራ ማን አለ?

ሕይወት፣ ሐይቅ ዳር

ሰላም የሐዋሳ ልጆች። ሐይቁ ዳር ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለን። አንድ ረጅም የሐይቅ ፎቶ በኢንስታግራም አምስት ስላይድ ላይ እየቀጠለ እንዲሄድ ፈልገን ለአንድ ማስታወቂያ ቤት ሰጠን። ፎቶው ያምራል። በጣት ሲገፉት ሐይቁ የትም አይቋረጥም።

ጽሑፉ ግን ከፎቶው ጋር አብሮ ተቆረጠ። እኛ «ለልጆች ተጨማሪ ክፍያ አንጠይቅም» ብለን ነበር የጻፍነው። አሁን ሦስተኛው ስላይድ «ለልጆች ተጨማሪ ክፍያ» ብሎ ያበቃል፤ «አንጠይቅም» አራተኛው ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው እየደወለ «ለልጅ ስንት ነው የምትጨምሩት?» ይለናል። የጀልባ ቀዛፊው ፊትም መቁረጫው ላይ ወድቆ ለሁለት ተከፍሏል።

እስቲ ጠቁሙኝ። ማስታወቂያ ቤት፣ ፎቶ ቤት ወይስ በግሉ የሚሠራ ዲዛይነር ይሻላል? ወይስ ራሴ ልሞክር?

ቢኒ፣ ታቦር ሰፈር

ሕይወት፣ ለዚህ ብለሽ ሰው አትክፈይ። ፎቶ የሚቆራርጡ አፖች ሞልተዋል። ፎቶውን ታስገቢያለሽ፣ አምስት ትያለሽ፣ አለቀ። ደግሞ ጽሑፉ መቆረጡ እኮ ጥሩ ነው። ሰው ቀሪውን ለማንበብ ይገፋል፤ ዋናው ሚስጥሩ እሱ ነው። ስላይዶቹ እኩል ባይሆኑም ችግር የለውም፤ ኢንስታግራም ሁሉንም በየመጠኑ ያሳያል።

ወ/ሮ አስቴር

ሕይወትዬ፣ እኔ ለሱቄ አምስት ቁራጭ ባነር ያሠራሁት ፒያሳ አካባቢ ነው። በጣም ጎበዞች ናቸው። ሲገጣጠም ስፌቱ አይታይም። ብረቱንም ራሳቸው ናቸው የሚበይዱት። ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ስልካቸውን ልላክልሽ።

ሕይወት፣ ሐይቅ ዳር

እትዬ አስቴር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የእኔ ስልክ ላይ የሚታየው ነው እንጂ የሚሰቀል አይደለም። ለበሩ ባነር ስናሠራ ግን እደውልልዎታለሁ።

ዲዛይነሩ፣ አቶቴ

ስለ አፖቹ ቢኒ ልክ ነው። መቁረጥ ቀላል ሥራ ነው። ስለ መጠኑ ግን ልክ አይደለም። በአንድ ካሩሴል ውስጥ የመጀመሪያው ስላይድ ቅርጽ ሌሎቹንም ይወስናል። አንዱ ካሬ ሌላው ቁመታም ከሆነ ኢንስታግራም ይከረክመዋል፤ ያኔ መጋጠሚያው ይዛነፋል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሕይወት፣ ያንቺ ችግር የቆራጩ አይደለም፤ የቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ አንድ ወጥ ጽሑፍ ተጻፈ፣ ፎቶው ላይ ተዘረጋ፣ መጨረሻ ላይ ተቆረጠ። መሆን ያለበት ግልብጡ ነው። መጀመሪያ መቁረጫው ይሰመር፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ስላይድ ለብቻው ይጻፍ። ፎቶው ይቀጥል፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን እዚያው ስላይድ ላይ ይለቅ።

በአማርኛ ይሄ ነገር የባሰ ነው፤ ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ። አለ ወይስ የለም፣ እንጨምራለን ወይስ አንጨምርም፣ የሚታወቀው በመጨረሻዋ ቃል ነው። ያቺ ቃል ወደ ሚቀጥለው ስላይድ ከሄደች የቀረው ትርጉሙ ይገለበጣል። ደዋዮችሽ በትክክል ነው ያነበቡት። ስላይዱ ላይ የተጻፈው ተጨማሪ ክፍያ መኖሩን ነዋ!

ሌላም አለ። የመጀመሪያውን አይቶ ሳይገፋ ላለፈ ሰው፣ ኢንስታግራም ያንኑ ፖስት አንዳንድ ጊዜ ከሁለተኛው ስላይድ ጀምሮ መልሶ ያሳየዋል። ስለዚህ ሁለተኛውም እንደ መጀመሪያ መነበብ አለበት። የቤታችሁ ስም በትንሹም ቢሆን እዚያም ይግባ።

ቢኒ፣ ታቦር ሰፈር

እሺ፣ መጠኑን ተቀብያለሁ። ግን ሁሉም ስላይድ በራሱ ካለቀ ሰው ለምን ይገፋል?

ዲዛይነሩ፣ አቶቴ

የሚያስገፋው ፎቶው ነው። የጀልባዋን አፍንጫ ሁለተኛው ስላይድ ጫፍ ላይ ተዋት፤ ቀሪው አካሏ ሦስተኛው ላይ ይሁን። ዓይን ያልጨረሰውን ቅርጽ ይከተላል። ግማሽ ጀልባ ማንንም አያሳስትም፤ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ግን ያሳስታል።

ሕይወት፣ በፎቶሽ ላሳይሽ። አምስት ስላይድ፣ እያንዳንዱ 1080 በ1350 ፒክስል ነው። ስለዚህ ሰፊው ሸራ 5400 በ1350 ይሆናል። መቁረጫዎቹ 1080፣ 2160፣ 3240 እና 4320 ላይ ናቸው። ፎቶሾፕ ላይ ከሆንሽ `New Guide Layout` ውስጥ አምስት ኮለም፣ `Gutter` ዜሮ ብለሽ ታሰምሪያለሽ። ጽሑፍ ገና የለም። ፎቶውን ብቻ ግራ ቀኝ ትገፊዋለሽ፤ የቀዛፊው ፊት ከመስመሩ እስኪርቅ፣ የጀልባዋ ወገብ ግን መስመሩ ላይ እስኪያርፍ ድረስ። ፎቶው ከሸራው ትንሽ ሰፋ ብሎ ቢነሳ ጥሩ የሚሆነው ለዚህ ነው። ልክ ልኩን ከሆነ መግፊያ ቦታ የለሽም።

ከዚያ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፊ፦ በዚህ ስላይድ ፎቶው ውስጥ ምን አለ፣ ጽሑፉ ምን ይላል፣ መቁረጫው ምን ላይ ያልፋል። ያንቺን እንዲህ አድርጌዋለሁ።

አንደኛው ላይ የታቦር ተራራና የጠዋት ሰማይ አለ። ጽሑፉ፦ «ጠዋት በሩን ሲከፍቱ ሐይቁ ፊትዎ ነው።» ቀኝ ጫፉ ላይ የሚቆረጠው ውኃ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ላይ ባዶ ውኃና የጀልባዋ አፍንጫ። ጽሑፉ፦ «ጀልባው የሚነሳው ከግቢያችን አጠገብ ነው።» ከሥሩ የቤቱ ስም። መቁረጫው ጀልባዋ ላይ ያልፋል።

ሦስተኛው ላይ ቀዛፊውና ጀልባዋ ውስጥ ያሉት ልጆች። ጽሑፉ፦ «ለልጆች ተጨማሪ ክፍያ የለም።» ልጆቹም እዚያው ስለሚታዩ ፎቶውና ጽሑፉ አንድ ነገር ይናገራሉ።

አራተኛው ላይ አባ ኮዳዎቹ የቆሙበት ዳርቻና የበረንዳችሁ ጫፍ። ጽሑፉ፦ «ቁርስ ከአልጋው ዋጋ ጋር ነው።»

አምስተኛው ላይ በረንዳው። እዚህ ዋጋ፣ ስልክና አቅጣጫ ብቻ።

ጽሑፉ ከየመቁረጫው ቢያንስ መቶ ፒክስል ይራቅ። ፕሮፋይልሽ ላይ የሚታየው ሣጥን ከስላይዱ ጠበብ ያለ ስለሆነ፣ የአንደኛው ስላይድ ግራና ቀኝ ከሠላሳ ፒክስል በላይ ይታጨዳል። ዳር ላይ የተለጠፈ ፊደል መጀመሪያ የሚጠፋው እዚያ ነው።

የፊደሉን መጠንም አትሰስቺ። ስላይዱ ስልክ ላይ ወደ ሰባት ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በ40 ፒክስል የተጻፈ ፊደል ሦስት ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። «ሉ» እና «ሊ» የሚለዩት በትንሽዬ ጭረት ስለሆነ ፀሐይ ላይ ስልክ ለሚያይ ሰው አንድ ይሆኑበታል። እኔ ለዋናው ዓረፍተ ነገር ከ70 አልወርድም። ካልገባልኝ ፊደሉን አላሳንስም፤ ጽሑፉን አሳጥራለሁ።

ሰላም፣ ቡና ቆይና አሻሻጭ

የእኔ ትንሽ የተለየ ነው። ቡናችንን የምናስተዋውቀው በአማርኛና በሲዳምኛ ነው። ሲዳምኛው በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ረዘም ይልብኛል። ሁለቱንም አንድ ስላይድ ላይ ሳደርግ ፎቶው ይሸፈናል። አማርኛውን ላይ፣ ሲዳምኛውን ታች አድርጌ ሞክሬ ሰማዩም መሬቱም ጽሑፍ ሆነ። እናንተ እንዴት ታደርጋላችሁ?

ዲዛይነሩ፣ አቶቴ

ሰላም፣ እኔ በዚህ እርግጠኛ መልስ የለኝም። አንዳንድ ደንበኞቼ ሁለት ለየብቻ ካሩሴል ይለጥፋሉ። አንዳንዶቹ ስላይዱን ወደ ስምንት ያሳድጉና አንዱን በአማርኛ፣ ቀጣዩን በሲዳምኛ ያደርጋሉ። ሁለተኛው ለፎቶው ይመቻል። ግን የሌላኛው ቋንቋ አንባቢ ባዶ እንዳየ ቆጥሮ ይወጣል። ሲዳምኛም ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣ ያ የመቁረጥ ጉዳይ ለእሱም ይሠራል።

ማሕሌት፣ መናኸሪያ

እኔ ሦስቱንም ሞክሬያለሁ፤ ጥቆማውን ልመልስ።

ፎቶ ቤት፦ ሐይቁን በየተራ አንስቶ መግጠሙን የሚችለው እሱ ነው። በስልክ ፓኖራማ ያነሳሁት ጀልባ ተጣሞብኝ ነበር፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ስልክ ላይ እንዲያ ይሆናል። ጽሑፍ ግን አትጠይቂያቸው። የላክሁትን እንዳለ ነው የለጠፉት።

ማስታወቂያ ቤት፦ ፍጥነታቸው ጥሩ ነው። ችግሩ አማርኛውን በድሮው የግዕዝ ፎንት ከጻፉት ሌላ ቦታ ኮፒ ስታደርጊው ዝብርቅርቅ ይላል። ወደ ቅርጽ ከቀየሩት ደግሞ አንዲት ቃል ለማረም እንደገና መመለስ ነው። ከመክፈልሽ በፊት «የሚታረም ፋይል ትሰጡኛላችሁ? ፎንቱስ ዩኒኮድ ነው?» ብለሽ ጠይቂ።

በግል የሚሠራ ዲዛይነር፦ ውድ ነው፣ ይዘገያልም። ግን ጎበዙን የምትለዪበት አንድ ነገር አለ። ፎቶውን ሳያይ ዋጋ የሚነግርሽ ከሆነ ተዪው። «ጽሑፉ አልቋል ወይስ አብረን እንጻፍ?» ብሎ የሚጀምረውን ያዢ። አንዳንዶቹ በስላይድ ቁጥር ያስከፍላሉ፤ ተያያዥ ፎቶ አንድ ሸራ ስለሆነ እዚህ ላይ ተከራከሪ።

እኔ አሁን ራሴ ፊግማ ላይ ነው የምሠራው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ፎንት እዚያው አለ። ለመቁረጥ ኮምፒውተሬ ላይ ኢሜጅማጂክ ጭኛለሁ፤ አንድ መስመር ነው፦

```
magick pano.png -crop 1080x1350 +repage slide_%d.png
```

ከ`slide_0` እስከ `slide_4` አምስት ፋይል ይወጣል። ስድስተኛ ቀጭን ቁራጭ ከመጣ የሸራው ስፋት ከ5400 አልፏል ማለት ነው። እሱን አጥፍተሽ አትለፊ፤ ወርዱን አስተካክለሽ እንደገና ቁረጪ።

ሕይወት፣ ሐይቅ ዳር

ማሕሌት፣ ይሄ ነው የፈለግሁት። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ አብዛኛው እንግዳችን የሚያየን ቴሌግራም ላይ ነው። ያንኑ አምስቱን እዚያ ብለጥፍስ?

ማሕሌት፣ መናኸሪያ

አይሆንም። ቴሌግራም አልበሙን ሰብስቦ ትልቅና ትንሽ ሣጥን አድርጎ ይደረድረዋል። ጀልባዋ አንድ ጥግ፣ ቀዛፊው ሌላ ጥግ ይሄዳል። ፌስቡክ ገጽ ላይም እንደዚያው ነው።

ዲዛይነሩ፣ አቶቴ

ለቴሌግራም ሦስተኛውን ስላይድ ብቻ ነጥለሽ ለጥፊ፤ ሌላውን ከሥሩ በጽሑፍ ጨምሪ። ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ስላለቀ ለብቻው ይቆማል።

ከመለጠፍሽ በፊት ደግሞ አምስቱን አደባልቀሽ ሦስተኛውን ብቻ ፎቶውን ለማያውቅ ሰው አሳዪው። «ምን ይላል?» በይው። የልጅ ዋጋ ከጠየቀሽ ገና አላለቀም።

ቢኒ፣ ታቦር ሰፈር

እኔ አሁንም አንደኛው ስላይድ ላይ ያለው ጽሑፍ ባያልቅ ይሻላል ባይ ነኝ። ቢያንስ ጥያቄ ይሁን። «ሐዋሳ መጥተው የት ያድራሉ?» ቢል ምን ችግር አለው?

ዲዛይነሩ፣ አቶቴ

ጥያቄ እኮ ያለቀ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ወንድሜ። እሱ ይሆናል። «ሐዋሳ መጥተው የት» ብለህ «ያድራሉ»ን ሁለተኛው ላይ ካደረግክ ነው የምንጣላው።

ሕይወት፣ ሐይቅ ዳር

የቢኒን ጥያቄና የጠዋቱን ሐይቅ ለየብቻ እለጥፋቸዋለሁ፤ የትኛው እንደሚያስገፋ አይቼ እነግራችኋለሁ። ፎቶውን ለፎቶ ቤት፣ ጽሑፉን ለራሴ አድርጌያለሁ። የድሮውን ፖስት ዛሬውኑ አወርደዋለሁ፤ ስልኩ አሁንም እየጠራ ነው።